የግል ወግን ድምፅ አውጥቶ እያነበቡ ማረም፦ ምላሴ የተያዘበት ዐረፍተ ነገርና የተደጋገመው «ነበር»

የቃሉ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? በልጅነቴ ከአባቴ ጋር በሬ ለመሸጥ ወደ ባቲ ገበያ የወረድንበትን ቀን የሚተርክ የግል ወግ ጽፌ ጨርሻለሁ። በዓይኔ ደጋግሜ ሳነበው የሚጎረብጥ ነገር አላገኘሁበትም ነበር። ከእናንተ መካከል ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ እያነበበ የሚያርም ብዙ ሰው ስላለ፣ እኔም ደሴ ባለው ቤቴ በር ዘግቼ ለራሴ አነበብሁት። የመጀመሪያው አንቀጽ መካከል ላይ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ዐረፍተ ነገሮች ባይዙኝም ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰሙ እንቅልፍ የሚያመጡ ሆኑብኝ። ጆሮዬ ችግር መኖሩን ነገረኝ፤ ችግሩ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። አንቀጹ ይህ ነው፦

«አባቴ በሬውን ለመሸጥ የወሰነበትን ምክንያት ለእናቴ ሳይነግር ሰኞ ማለዳ ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ፣ ገመዱን በእጄ አስይዞኝ፣ ወደ ባቲ የሚወስደውን መንገድ ጀምረን ፀሐይ ሳትወጣ ብዙ ርቀት ተጉዘን ነበር። መንገዱ ቀዝቃዛ ነበር። በሬው ዝም ብሎ ይከተለኝ ነበር። አባቴም ዝም ብሎ ይራመድ ነበር። እኔ ግን ልጠይቀው የምፈልገው ነገር ነበር።»

መፍትሔው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ማሳጠር ብቻ ነው? ወይስ ሌላ የምሰማው ነገር አለ? ጆሯችሁን ብታውሱኝ ደስ ይለኛል።

የኮምቦልቻው

ወንድሜ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ተነብቦ ማለቅ አለበት፤ በአንድ ትንፋሽ የማያልቅ ከሆነ ረዝሟል ማለት ነው። እኔ ከዐሥራ ሁለት ቃል የሚበልጥ ዐረፍተ ነገር ካገኘሁ ያለ ርኅራኄ እቆርጠዋለሁ። የአንተ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ሃያ አምስት ቃል አለው፤ ስለዚህ ምላስህ ቢያዝ አይገርምም። እንዲህ ብታደርገው ይሻላል፦

«ሰኞ ማለዳ ነበር። አባቴ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ገመዱን በእጄ አስያዘኝ። ለእናቴ ምክንያቱን አልነገራትም። መንገድ ጀመርን። ፀሐይ አልወጣችም ነበር። ብዙ ርቀት ተጓዝን።»

አሁን አንብበው። የትም ቦታ አይይዝህም።

እማማ መምህርት

ልጄ፣ እንዴት ነህ? ለብዙ ዓመት አማርኛ ሳስተምር የተማሪዎቼን ድርሰት የማርመው እነርሱ ቆመው እያነበቡልኝ እኔ ዓይኔን ከወረቀቱ አንሥቼ ነበርና፣ የጠየቅኸው ነገር ለልቤ ቅርብ ነው።

የኮምቦልቻው ወንድማችን በግማሹ ልክ ነው። ያ ዐረፍተ ነገር መከፈል አለበት። የሚከፈልበት ምክንያት ግን የቃሉ ብዛት አይደለም። በመጀመሪያ የእርሱን አማራጭ ድምፅህን አውጥተህ አንብበው። አማርኛ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው በግሥ ነው፤ ድምፃችንም በመዝጊያው ግሥ ላይ ይወርዳል። ሰባት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ስትደረድር ድምፅህ ሰባት ጊዜ በእኩል እርምጃ ይወርዳል፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች የቃል ጽሕፈት እንደሚያጽፍ መምህር ትሆናለህ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። «ለእናቴ ምክንያቱን አልነገራትም» የሚለው፣ የወግህ እምብርት ይመስለኛልና፣ ከ«መንገድ ጀመርን» ጋር እኩል ክብደት ተሰጥቶት አለፈ። ሁሉም አጭር ሲሆን ጆሮ የትኛውን ይያዝ?

አሁን ወደ አንተ ዐረፍተ ነገር ልመለስ። ምላስህ የተያዘው «ጀምረን» ላይ አይደለም? ካልሆነ ንገረኝ። በአማርኛ ሰሚው ማን ምን እንዳደረገ እርግጡን የሚያውቀው መዝጊያው ግሥ ሲመጣ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሰማውን ሁሉ ተሸክሞ ይቆያል። አንተ «አባቴ» ብለህ ጀመርህ። «ሳይነግር»፣ «ቀስቅሶኝ»፣ «አስይዞኝ» ስትል አድራጊው እርሱ እንደሆነ ነው፤ ሰሚውም «ታዲያ አባትየው በመጨረሻ ምን አደረገ?» እያለ ይጠብቃል። ድንገት «ጀምረን» ብለህ «እኛ»ን አስገባህ፤ «ተጉዘን ነበር» ብለህም በ«እኛ» ዘጋኸው። አባትህ በዐረፍተ ነገሩ ራስ ላይ ተቀምጦ ግሥ ሳያገኝ ቀረ። በትምህርት ቤት ቦዝ አንቀጽ የምንላቸው እነዚህ «ቀስቅሶ፣ አስይዞ» የሚሉት ቅርጾች እንደ ልብ ስለሚቀጣጠሉ፣ ጸሐፊው አድራጊውን መቀየሩን ሳያውቀው ይቀይራል። ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚያይ ይሸፍንለታል፤ ጆሮ መመለስ ስለማይችል ይይዘዋል።

ርዝመት ብቻውን ጥፋት አለመሆኑን እንድታየው፣ ከዚያው ወግህ ውስጥ በሬው ተሽጦ የሚሄድበትን ቦታ ላክልኝ። እንዲህ ባለ ወግ ውስጥ እዚያ ላይ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር መኖሩ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

የቃሉ ልጅ

መምህርት፣ አመሰግንዎታለሁ። አዎን፣ የተያዝሁት «ጀምረን» ላይ ነው፤ በሁለተኛው ንባብም እዚያው ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። የጠየቁኝ ቦታ ይኸው፦

«በሬው ከማያውቀው ሰው ኋላ ተጎትቶ፣ አንገቱን አንድ ጊዜ ወደ እኛ መልሶ፣ ጨው ከጫኑት ግመሎችና ከፍየሎቹ መንጋ መካከል እየተገፋ፣ ደግሞ ታይቶ፣ ደግሞ ተሰውሮ፣ ከገበያው ማዶ ወዳለው መንገድ ወጣ።»

ይህን ሳነብ አልተያዝሁም። ቃሉን ስቆጥረው ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሃያ ሰባት ነው።

እማማ መምህርት

መልካም። ይህን አትንካው። ከ«ተጎትቶ» እስከ «ወጣ» ድረስ አድራጊው በሬው ብቻ ነው፤ ሰሚው አንድ ነገር ብቻ እየተከተለ ይሄዳል። በየነጠላ ሰረዙ ላይ ትንፋሽ መውሰጃ ስላለው በአንድ ትንፋሽ ማለቅ አያስፈልገውም። መዝጊያው «ወጣ» ደግሞ ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ከረጅሙ ሐረግ በኋላ ቶሎ ትዘጋለች። ዓይንህም በሬውን እስኪጠፋ ድረስ ስለሚከተለው ርዝመቱ የራሱ ሥራ አለው። እዚህ ላይ በአራት ነጥብ ብትቆርጠው በሬው በየቦታው እየቆመ የሚሄድ ይመስላል።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አጭሩ አሰናከለህ፤ ረጅሙ አሳለፈህ። ስታነብ ቃል አትቁጠር። ምላስህ የተያዘበት ዐረፍተ ነገር ላይ በየግሡ ቆም እያልህ «ማን?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱ መካከል ላይ ከተለወጠ የምትከፍለው እዚያው የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው።

የወልድያዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ባለፈው በኪነ ጥበብ ምሽት ላይ ጽሑፌን አንብቤ ስለነበር ልምዴን ላካፍል። ድምፅ ማጉያውን ወደ አፍ በጣም አታስጠጉት፣ ከማንበባችሁ በፊት ለብ ያለ ውኃ ጠጡ፣ አድማጩን ቀና ብላችሁ እዩት። አሳዛኝ ቦታ ላይ ስትደርሱ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ሰውን ይይዛል። በሬው የሚሄድበት ቦታ ላይ እንዲህ ብታደርግ ታዳሚው ያለቅሳል።

የቃሉ ልጅ

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ለታዳሚ የማነብበት ዕቅድ የለኝም፤ የማነበው ብቻዬን ሆኜ ለማረም ነው። ወጉ በጽሑፍ የሚቀር ነው።

እማማ መምህርት

የወልድያዋ እህታችን ሳታስበው ትልቅ ነገር አንሥታለች። ለታዳሚ ስናነብ የምናደርገውን ለእርማት ስናነብ ማድረግ የለብንም። ድምፅን ዝቅ ከፍ ማድረግ፣ ቆም ማለት፣ ማሳዘን፣ እነዚህ ሁሉ የደከመውን ዐረፍተ ነገር ደግፈው ያቆሙታል። አንባቢው ወረቀቱን ብቻውን ሲይዝ ያ ድጋፍ አብሮት አይሄድም። ለእርማት የምታነበው ደረቅ በሆነ ድምፅ፣ ዜና እንደምታነብ ሆነህ፣ ከንግግር ፍጥነት ትንሽ ዘግየት ብለህ ይሁን። በዚያ ድምፅ ተነብቦ የሚያሳዝን ከሆነ በወረቀትም ያሳዝናል።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ስለ እናቴ ሞት የጻፍሁትን ሳነብ ድምፄ ስለሚሰበር ሁሉም ዐረፍተ ነገር ያማረ ይመስለኝ ነበር። ደረቅ ድምፅ አውጥቼ ለማንበብ ብሞክርም አልቻልሁም። እኔን የመሰለ ሰው ምን ያድርግ? ከዚያ ሌላ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጆሮ ፊደልን አይለይም። «ፀሐይ»ን በየትኛው «ፀ» እንደጻፍህ፣ «ዐረፍተ ነገር»ን በየትኛው «ዐ» እንደጀመርህ በንባብ አይታወቅም። የፊደል እርማቱን ለብቻው በዓይን ማድረግ ያስፈልጋል።

እማማ መምህርት

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ለአንተም መጽናናቱን ይስጥህ። እንዲህ ላለው ጽሑፍ ሌላ ሰው ያንብብልህ። የሚያነበው ሰው ጽሑፉን አስቀድሞ ያላየ ይሁን፣ እናትህንም የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል። አንተ ወረቀቱን ሳትይዝ ስማው። እርሱ የሚደናቀፍበት ቦታ አንተ የማትደናቀፍበት ነው፤ አንተ ምን ለማለት እንደፈለግህ ስለምታውቅ አፍህ ያልተጻፈውን ጭምር ያነብልሃል።

ስለ ፊደሉ ያልኸው ትክክል ነው። ከዚያም ሌላ ጆሮ የማይሰማው አለ፤ የአንቀጾች ቅደም ተከተል ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ የመጣው ነገር ሁለተኛው ገጽ ላይ መሆን እንዳለበት በንባብ አይሰማም፤ ጆሮ የሚይዘው ቅርብ ቅርቡን ነው። ስለዚህ አንቀጾችህን በቦታቸው ካስቀመጥህ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት በጆሮ ለማረም አትድከም።

የዋድላው ተማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ በልጅነቴ ዋድላ ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። እዚያ ተማሪው ቅኔውን በቃሉ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያቃናል። ወረቀት መካከል አይገባም። ስለዚህ በጆሮ ማረም ለእኛ አዲስ አይደለም።

የቃሉ ልጅ፣ በእኔ ጆሮ ትልቁ ችግር ረጅሙ ዐረፍተ ነገር አይደለም። ከእርሱ በኋላ ያሉት አራቱ ናቸው። መጀመሪያውም ሲጨመር አምስት ጊዜ በ«ነበር» ቤት መትተሃል። በግጥም ቢሆን አንድን ቃል አምስት ጊዜ ቤት መምቻ ማድረግ ድህነት ይባላል፤ በዝርው ጽሑፍ ደግሞ ቤት መምታቱ ራሱ አያስፈልግም። አማርኛ በግሥ ስለሚዘጋ ያለ ፈቃዳችን ቤት እንመታለን። የኮምቦልቻው ወንድሜ ያቀረበውም ከዚህ አላመለጠም፤ «ቀሰቀሰኝ» እና «አስያዘኝ» በተከታታይ ቤት መትተዋል።

እማማ መምህርት

የዋድላው ልጅ ጥሩ ሰምቷል። የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል ብቻ ለይተህ ድምፅ አውጥተህ አንብብ፦ ነበር፣ ነበር፣ ነበር፣ ነበር፣ ነበር። እንቅልፍ ያመጣብህ ይህ ነው።

መድኃኒቱ «ነበር»ን በሌላ ቃል መተካት ብቻ አይደለም። «መንገዱ ቀዝቃዛ ነበር» የሚለውን «መንገዱ ቀዝቅዞ ነበር» ብትለው ምንም አልተለወጠም። አንድ ጊዜ «ነበር» ብለህ ጊዜውን ከተከልህ በኋላ ቀጣዩን «ይከተለኛል፣ ይራመዳል» እያልህ መሄድ ትችላለህ። አያቶቻችን ተረት ሲነግሩን አንድ ሰው «ነበረ» ብለው ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ «ይሄዳል፣ ይመጣል፣ እንዲህ ይለዋል» ይላሉ። ሰሚው ጊዜውን አይስትም።

የኮምቦልቻው

መምህርት፣ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ያለውን እኛ የተማርነው የጊዜ መዛባት ተብሎ ነው፤ በፈተናም ነጥብ ያስቀንሳል። በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ተጉዘን ነበር» ብሎ ወዲያው «ይከተለኛል» ማለት አንባቢን ያደናግራል። እኔ ብሆን ሁሉንም ባለፈ ጊዜ አድርጌ «ተከተለኝ፣ ተራመደ» እላለሁ።

እማማ መምህርት

ለፈተና ከሆነ ልክ ነህ። ለወግ ግን «በሬው ዝም ብሎ ተከተለኝ» ስትል ነገሩ አንድ ጊዜ ሆኖ ያለቀ ይሆናል፤ «ይከተለኛል» ስትል ግን መንገዱ ገና አላለቀም፣ በሬውም ከኋላ አለ። ይህ የትርጉም ልዩነት ነው፤ በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም። አንድ ነገር ግን እቀበልሃለሁ። ወደ አለፈው ጊዜ ሲመለስ መመለሻው በግልጽ መሰማት አለበት፤ አለበለዚያ ያልኸው መደናገር ይመጣል።

የዋድላው ተማሪ

እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነው። አምስት ገጽ ሙሉ በ«ይላል» እና በ«ይሄዳል» ከቀጠለ እርሱም እንደ «ነበር»ው ቤት ይመታል። ለአንድ አንቀጽ መልካም ነው፤ ለሙሉው ወግ ግን እኔ አልደፍረውም።

የቃሉ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህርት፣ ስታነብ እየቆምህ አርም ይላሉ ወይስ እስከ መጨረሻው አንብቤ ልመለስ? እኔ በየመሰናክሉ እየቆምሁ ስጽፍ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም መስማት አቆማለሁ።

እማማ መምህርት

አትቁም። እርሳስ በእጅህ ያዝ፤ የተያዝህበት መስመር ጠርዝ ላይ አንድ ጭረት ብቻ እያደረግህ እለፍ፤ ምክንያቱን አትጻፍ። ቆመህ ማስተካከል ስትጀምር ጆሮህ ከሰሚነት ወጥቶ ጸሐፊ ይሆናል፤ የቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ፍሰትም ካለፈው ጋር አይገናኝም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ገጽ ተኩል አትለፍ፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ ይላመድና ሁሉም ደህና ይመስለዋል።

ስልክህ ድምፅ ስለሚቀዳ ተጠቀምበት። ስታነብ ቅዳው፤ በማግሥቱ ወረቀቱን ፊትህ አድርገህ ስማው። የምትፈልገው አፍህና ወረቀቱ የተለያዩበትን ቦታ ነው። ያልተጻፈ «ግን» ጨምረህ አንብበህ ይሆናል፤ የተጻፈውን «በመሆኑም» ዘለኸው ይሆናል፤ «ያደረገልኝን ነገር» የሚለውን «ያደረገልኝን» ብቻ ብለኸው ይሆናል። በነዚህ ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ አፍህ ልክ ነው፤ ወረቀቱን በአፍህ አስተካክል። አብዛኛውን ጊዜ አልሁ እንጂ ሁልጊዜ አላልሁም፤ አፍ ሲደክም የሚያስፈልገውን ቃልም ይውጣል። ቃሉ የተዘለለው ንባቡ ሲጀመር ከሆነ አፍህን እመነው፤ መጨረሻው አካባቢ ከሆነ እንደገና አንብበህ አረጋግጥ።

በመጨረሻም እህትህ ወይም ጎረቤትህ ጽሑፉን አስቀድማ ሳታየው ታንብብልህ። ይህን የምልህ በአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላት ስለማይታይ ነው። አንተ በትክክል የምታነበውን ሌላው ሰው ሌላ አድርጎ ያነበዋል።

የቃሉ ልጅ

እንዳሉት አደረግሁ። ትናንት ማታ እህቴ አነበበችልኝ። እናቴ ለጎረቤት የምትናገርበት ቦታ ላይ «ዛሬ ይሸጣል» የሚል ነበር። እኔ አጥብቄ፣ በሬው ሊሸጥ ነው በሚል ስሜት ሁልጊዜ አነበው ነበር፤ እህቴ ግን አላልታ፣ አባቴ ሊሸጥ ነው እንደሚባለው አድርጋ አነበበችው። ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ስላልገጠመላት ወደ ኋላ ተመልሳ ደገመችው። ብቻዬን ብሆን በፍጹም አልሰማውም ነበር። አሁን «በሬው ዛሬ መሸጡ ነው» አድርጌዋለሁ።

የመጀመሪያውን አንቀጽ ደግሞ እንደገና እንዲህ ጻፍሁት፦

«ሰኞ ማለዳ አባቴ ከእንቅልፌ ቀስቅሶ የበሬውን ገመድ በእጄ አስያዘኝ። ለምን እንደሚሸጠው ለእናቴ አልነገራትም። ፀሐይ ሳትወጣ በባቲው መንገድ ብዙ ርቀን ሄደን ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ በሬው ዝም ብሎ ይከተለኛል፤ አባቴም ዝም ብሎ ይራመዳል። እኔ ግን ልጠይቀው የምፈልገው ነገር ነበረኝ።»

እማማ መምህርት

አሁን ድምፁ ሌላ ነው። «ቀስቅሶ» ያልኸው «ቀሰቀሰኝ» እና «አስያዘኝ» ቤት እንዳይመቱ አደረገ፤ አድራጊውም እስከ አራት ነጥቡ ድረስ አባትህ ብቻ ሆነ። «እኛ» በራሱ ዐረፍተ ነገር ገባ። «ለእናቴ አልነገራትም» የሚለው ከረዘም ካለው ቀጥሎ አጭር ሆኖ ስለመጣ ይሰማል፤ ቀድሞ «ሳይነግር» ሆኖ ረጅሙ ሐረግ ሥር ተደብቆ ነበር። በድርብ ሰረዝ ያገናኘሃቸው ሦስቱም ድምፅን እስከ መጨረሻው አያወርዱትም፤ ስለዚህ መንገዱ ይቀጥላል።

አንድ ቦታ ብቻ አልወደድሁም። «ብርዱ አጥንት ይሰብራል» የሰው ሁሉ ቃል ነው። የቀሩት ዐረፍተ ነገሮች ያየኸውን ሲናገሩ ይህ ብቻ የሰማኸውን ይናገራል። በዚያ ማለዳ ብርዱ ምንህን እንደነካህ አንተ ታውቃለህ።

የኮምቦልቻው

የተሻለ መሆኑን እመሰክራለሁ። ከዐሥራ ሁለት ቃል ያለፈ አንድም የለም፤ ረጅሙ በድርብ ሰረዝ የተያያዘው ነው፤ እርሱም በሦስት ተከፍሏል፤ ስለዚህ የእኔም ልክ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም። በጊዜው ጉዳይ ላይ ግን አቋሜን አልቀየርሁም። «ሄደን ነበር»፣ «ይከተለኛል»፣ «ነበረኝ» እያለ መመላለሱ እኔን ዛሬም ይቆረቁረኛል።

የዋድላው ተማሪ

እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። «ልጠይቀው የምፈልገው ነገር ነበረኝ» ሲነበብ ይለሰልሳል፤ «የምፈልገው» እና «ነገር» መካከል ላይ ሆነው ያዘገዩታል። «እኔ ግን ልጠይቀው ፈልጌ አልደፈርሁም» ብትል መዝጊያው ጠንካራ ይሆናል።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ

በእኔ ጆሮ ግን የፊተኛው ይሻላል። «አልደፈርሁም» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ልጁ እንደማይጠይቅ አወቅን። «ነበረኝ» ሲል ግን ገና ይጠይቀው ይሆናል ብዬ ቀጣዩን አንቀጽ አነባለሁ።

የቃሉ ልጅ

እኔም በሁለቱ መካከል ነኝ። ብርዱን «ጣቶቼ ገመዱ ላይ ደንዝዘዋል» በሚል ለውጬዋለሁ፤ መጨረሻውን ግን መወሰን አልቻልሁም። ሁለቱንም ስቀዳ የዋድላው ወንድሜ ያለው ለጆሮ ይጥማል፤ የሐይቁ ወንድሜ ያለው ግን ለታሪኩ ይስማማል። ወጉን ፈጽሞ ያላነበበች የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ትመጣለች፤ ሁለቱንም አስነብቤያት እወስናለሁ።

እማማ መምህርት

መልካም አስበሃል። ሁለቱን በተለያየ ወረቀት ጻፍላትና ሙሉውን ገጽ ታንብብ፤ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነጥለህ አትስጣት፣ የትኛው የማን እንደሆነም አትንገራት። የትኛው ይሻላል ብለህም አትጠይቃት። ገጹን ጨርሳ ስትገለብጥ ቆም ካለች ወይም ቀጣዩን ገጽ ከፈለገች እርሱን ተመልከት።